ወረፋው ሲሞላ ማንን ነው የማስቀድመው? (የመጀመሪያ ሺፍቴ ታሪክ እና አንድ ጥያቄ)

አዲሷ_ኤጀንት

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን እዚህ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን የምጠይቀው ነገር ስላለኝ ልጻፍ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ኮል ሴንተር ውስጥ ነው። ሥልጠናውን ጨርሼ ብቻዬን መስመር ላይ የተቀመጥኩት በቅርቡ ነው። የሺፍቱ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ቀሪ ሂሳቡን የሚጠይቅ፣ የይለፍ ቁጥሩን የረሳ፣ አድራሻ የሚቀይር። ከዚያ ሲስተሙ ላይ የሆነ ነገር ተበላሸ። ሰው ገንዘብ ይልካል፣ ከሂሳቡ ይቀነሳል፣ ተቀባዩ ጋ ግን አይደርስም። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን 4 ሰው እየጠበቀ ነው ይል የነበረው ቀና ስል 19 ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ 34። ረጅሙ ጥበቃ 14 ደቂቃ።

እኔ ደግሞ የምሄደው በሥልጠናው ቅደም ተከተል ነው። ሰላምታ፣ ማንነት ማረጋገጥ፣ ቅሬታውን እስከ መጨረሻው መስማት፣ ቲኬት መክፈት፣ ስክሪፕቱን ማንበብ፣ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ማለት፣ ስልኩ ሲዘጋ ማስታወሻ መጻፍ። አንዱ ጥሪ 9 ደቂቃ ይፈጃል። ዓይኔ ግን ከስክሪኑ አይነቀልም። ቁጥሩ ሲጨምር ንግግሬ ይፈጥናል። ስፈጥን ደንበኛው አይሰማኝም፣ ያስደግመኛል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ብዙ የሠራች ናት። የራሷን ጥሪ ጨርሳ ለሱፐርቫይዘሩ በእጇ ምልክት ሰጠችና ማዳመጫዋን ከኔ መስመር ጋር ሰካች። እሷ ትሰማለች፣ ደንበኛው ግን እሷን አይሰማም። መጀመሪያ ያደረገችው ወንበሬን ማዞር ነው፣ ግድግዳውን እንዳላይ። «ያ ቁጥር የሱፐርቫይዘሩ ነው። ያንቺ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለችኝ።

ያኔ መስመሬ ላይ የነበረው ሰውዬ ይጮሃል። ስለ ጥበቃው፣ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ሁላችንም። የሚፈልገው የ6 ወር የሂሳብ መግለጫ ነው። እኔ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነበር፣ በየይቅርታው ደግሞ አዲስ ወቀሳ ይከፍታል። ልጅቷ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ «ጥያቄውን አሁን ላኪ፣ መቼ እንደሚደርሰው ንገሪው፣ በቃ።» ላክኩ። «መግለጫው ተጠይቋል፣ ዛሬ ከማታ በፊት ኢሜይልዎ ላይ ይገባል» አልኩት። ጸጥ አለ። አመሰግናለሁ እንኳን ሳይል ዘጋው።

ቀጥሎ የመጣችው ሴትዮ ድምፃቸው ከጆሮ አይደርስም። «ይቅርታ ልጄ፣ ስላስቸገርኩሽ። በጎረቤት ስልክ ነው የምደውለው። የኔ ስልክ ስለጠፋ አዲስ ሲም ሳወጣ ሂሳቤ እንዳለ ይቀጥላል ወይ ብዬ ነው። አይቸኩልም።» የሲም ጥያቄ ነው ብዬ የስክሪፕቱን ገጽ መክፈት ጀመርኩ። ልጅቷ ወረቀቱ ላይ በትልቁ «አግጂ» ብላ ጻፈች። ሙሉ ስማቸውን እና የሂሳብ ቁጥራቸውን ብቻ ጠይቄ ሂሳቡን አገድኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ሁሉ ተረጋግተን ያወራነው። መዝገቡን ስንከፍተው ሴትዮዋ ወረፋ ላይ እያሉ የገቡ ሁለት ያልተሳኩ የይለፍ ቁጥር ሙከራዎች አሉ። ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

በጥሪዎቹ መሀል ያስረዳችኝ ይኸው ነው። ማን እንደጮኸ አትስሚ፣ ማን ይበልጥ እንደጠበቀም አትቁጠሪ። ጉዳዩ እኛ እያወራን ሳለ እየባሰ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል? በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ መለየት ያለብሽ እሱን ነው። የሂሳብ መግለጫ ባለበት ይቆማል። ሌላ ሰው እጅ የገባ ስልክ በየደቂቃው ይብሳል። ወደ ተሳሳተ ቁጥር የተላከ ገንዘብም እንደዚያው ነው፣ ተቀባዩ ካወጣው አለቀ።

ያልደረሰው ገንዘብስ? ያ በአብዛኛው ባለበት የቆመ ነው፣ ሲስተሙ ሲስተካከል ወይ ይደርሳል ወይ ይመለሳል። የሚብሰው ሰውየው ደግሞ ሲልክ ነው። ስለዚህ ለነዚህ ጥሪዎች መጀመሪያ የምጠይቀው «ደግመው ልከዋል?» ሆነ። አንድ ዓይነት ቅሬታ ሦስት ጊዜ ከመጣ ደግሞ ለሱፐርቫይዘር መንገር አለብኝ። እሷ ነገረችልኝ። አንድ ዋና ቲኬት ተከፈተና ከሰላምታው በፊት «ችግሩን አውቀነዋል፣ ደግመው አይላኩ» የሚል የተቀዳ መልዕክት ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መልዕክቱን ሰምቶ እየዘጋ ወረፋው ቀለል አለ።

ጥያቄዬ ይኸው። በሥልጠና «ማስታወሻውን ሙሉ ሳትጽፊ ቀጣዩን ጥሪ አትቀበዪ» ተብለናል። እሷ ግን ወረፋ ሲሞላ አንድ መስመር ብቻ ጽፋ ታልፋለች። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

---

ሦስተኛ_ወንበር

እህቴ፣ ከወረፋ መርጦ ማንሳት እኛ ጋ ከሥራ ያስባርራል። አንድ ልጅ ቀላል ቀላሉን እያነሳ ከባዱን ሲተው ተይዞ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ሲስተሙ የሰጠሽን ተቀበይ። ያቺ ልጅ ጥሩ ነገር አላስተማረችሽም።

---

አዲሷ_ኤጀንት

አይ፣ እኔማ መምረጥ አልችልም። ቀጥሎ የሚገባው ማን እንደሆነም አላይም፣ ስልኩ ራሱ ነው የሚሰጠኝ። ያስተማረችኝ ጥሪው ከገባ በኋላ ምን እንደማስቀድም ነው።

---

ሦስተኛ_ወንበር

እሺ፣ በችኮላ ነው ያነበብኩት። ያ ከሆነ ግን ቅድሚያ መስጠት ማለት ምኑ ላይ ነው? አንድ ሰው ብቻ ነው ያለሽ።

---

ፍጥነት_ነው_ሁሉም

ነገሩን አታወሳስቡት። ወረፋ የሚቀንሰው ጥሪ ሲያጥር ነው። እኔ አማካይ ጊዜዬ 3 ደቂቃ ነው። ማንም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ 3 ደቂቃ ሲሞላ እጠቀልላለሁ። ሪፖርቱ ላይ ሁልጊዜ ከላይ ነኝ። ልጅት፣ ወንበር ማዞር ምናምን ትተሽ ሰዓትሽን ተመልከቺ።

---

ሠንጠረዥ_አውጪ

ሰላም። እኔ ስልክ አላነሳም። ስንት ሰው በየትኛው ሰዓት መቀመጥ እንዳለበት የማሰላው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሦስታችሁንም የሚነካ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ፍጥነት ያለው ወንድማችን ግማሹን ልክ ነው። በግማሽ ሰዓት 60 ጥሪ ይገባል እንበል፣ እያንዳንዱም ማስታወሻውን ጨምሮ 5 ደቂቃ ይፈጃል። 300 ደቂቃ ሥራ ማለት ነው። 10 ሰው ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ያለን ጊዜ 300 ደቂቃ ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል፣ በተግባር ግን ወረፋው እያደገ ይሄዳል። ምክንያቱም ጥሪ በየ30 ሴኮንዱ ተሰልፎ አይመጣም። አንዴ ሰባቱ አብረው ይገባሉ፣ አንዴ ደግሞ ማንም አይደውልም። ማንም ያልደወለበት ደቂቃ ለኋላ አይቀመጥም፣ ባክኖ ይቀራል። ይህንን ከመቶ ዓመት በፊት ያሰላው ኤርላንግ የሚባል የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። የ1917 ቀመሩን ዛሬም እንጠቀምበታለን፣ የሥራ ጫናውም የሚለካው በስሙ ነው፤ ከላይ ያለው ምሳሌ 10 ኤርላንግ ይባላል። 10 ኤርላንግ በ10 ሰው አይያዝም፣ ከ10 በላይ ሰው ይፈልጋል።

አሁን 5 ደቂቃው 4 ቢሆን 240 ደቂቃ ሥራ ነው። ያው 10 ሰው ትንፋሽ አገኘ። አንዷ ደቂቃ ያን ያህል ለውጥ ታመጣለች። እዚህ ድረስ ፍጥነት ልክ ነው።

ጥያቄው ደቂቃዋ ከየት ትቀነስ የሚለው ነው። 3 ደቂቃ ሲሞላ ከተጠቀለለ ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው መልሶ ይደውላል። ያንተ ሪፖርት ላይ ሁለት አጭር ጥሪ ነው፣ ወይም ሁለተኛውን ሌላ ሰው ያነሳዋል። እኔ ጋ ግን 60 የነበረው 75 ይሆናል፣ የሚደውለውም ተናድዶ ነው። የልጅቷ ብልሃት ደቂቃዋን የቀነሰችው ከማዳመጡ አለመሆኑ ነው። ከይቅርታ ምልልሱ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ቲኬት ከመክፈቱ እና ለዚህ ሰው ከማያስፈልገው ስክሪፕት ነው የቀነሰችው። የተቀዳው መልዕክት ደግሞ ከጥሪው ብዛት ላይ ነው የቀነሰው፣ ያንን አንድ ኤጀንት ብቻውን በምንም ፍጥነት አያመጣውም።

ለሦስተኛ ወንበር፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለድርጊት ነው። ሴትዮዋ ጋ መታገድ አራተኛው ወይም አምስተኛው እርምጃ ነበር። ወደ አንደኛ መጣ።

---

ፍጥነት_ነው_ሁሉም

መልሶ የሚደውለው ሰው በኔ ስም አይመዘገብም። እኔን የሚለኩኝ በደቂቃ ነው። መለኪያውን ቀይሩልኝና እኔም እቀየራለሁ።

---

ሠንጠረዥ_አውጪ

እዚህ ላይ አልከራከርህም። አለቆችም የሚለኩት እንደዚያው ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው ግብ ከ100 ጥሪ 80ው በ20 ሴኮንድ ውስጥ ይነሳ የሚል ነው። ቀሪው 20 ስንት ይጠብቅ? ግቡ ምንም አይልም። 20 ሴኮንድ ያለፈው ሰው ለዚያ ቁጥር ሞቷል፣ 1 ደቂቃም ይጠብቅ 40 ደቂቃ ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው እኔ ረጅሙን ጥበቃ ለብቻው የማየው።

---

በጩኸት_የሚገባው

እኔ ደንበኛ ነኝ፣ ያ የሚጮኸው ሰውዬ ማለት። ልንገራችሁ፣ የምጮኸው ስለሚሠራ ነው። በትህትና ስናገር «እንመለከተዋለን» ይሉኛል። ስጮህ አለቃ ይመጣል። ሴትዮዋ ስልካቸው ጠፍቶ «አይቸኩልም» ማለታቸው የዋህነት ነው። እሳቸውም መጮህ ነበረባቸው።

---

ሌሊት_ሺፍት

ወንድሜ፣ ጩኸትህ የሚሠራው ኤጀንቱ ልምድ ከሌለው ነው። ልምድ ያለው ሰው ከጩኸትህ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ምን እንደምትፈልግ እና ለመቼ። ከዚያ አንድ የተቆረጠ መልስ ይሰጥሃል። «ዛሬ ከማታ በፊት» ያለችው ልጅ ያበረደችህ ለዚያ ነው። «በተቻለ ፍጥነት» ብትልህ ኖሮ አሁንም መስመር ላይ ነህ።

ለአዲሷ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የማይቻል ሰዓት አትስጪ። ከማታ በፊት እንደሚገባ ካላወቅሽ «ነገ እስከ ምሳ ሰዓት» በዪው። ቃል የተገባለት ነገር ሳይደርስ የቀረ ሰው መልሶ ሲደውል ጥሪው እጥፍ ይረዝማል። መልሼ እደውላለሁ ስትዪም ያው ነው። ጥሪው ሳይዘጋ ሰዓቱን እና ቁጥሩን ጻፊ። ከራስሽ ሺፍት በኋላ ከሆነ የሚደውለው ማን እንደሆነም ጭምር።

---

ስምሪት_ክፍል

እኔ የምሠራው የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ላይ ነው፣ ትንሽ ይለያል። ግን «መጀመሪያ የቱን» የሚለው ነገር እኛ ጋ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን እንደተፈጠረ አይደለም፣ የት እንደሆነ ነው። ቀጥሎ የሚደውልበት ቁጥር። ለምን? መስመሩ አሁን ቢቋረጥ ቦታውን ካወቅኩ ሰው መላክ እችላለሁ። ምን እንደተፈጠረ አውቄ ቦታውን ካላወቅኩ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።

ሰው ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ ነው የሚፈልገው። «ጠዋት ተነስቼ…» ብሎ ይጀምራል። ማቋረጥ ብልግና ይመስላል፣ በተለይ ትልቅ ሰው ሲሆኑ። እኔ የማደርገው ራሱ በተናገረው ቃል ይዤ መግባት ነው። «ወድቀዋል አሉኝ፣ የት ነው ያሉት?» እንደሰማሁት ስላወቀ አይከፋውም።

እናንተም ወረፋ ሲሞላ መስመር ይቆራረጣል። ሴትዮዋ በጎረቤት ስልክ ነው የደወሉት። ቢቋረጥ በምን ታገኛቸው ነበር?

---

አዲሷ_ኤጀንት

ይህንን አላሰብኩትም። በጠፋው ስልክ ቁጥር ነበር የምደውለው፣ ሌባው ያነሳልኛል ማለት ነው። አሁን በሌላ ሰው ስልክ የሚደውል ሲገባ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ይሆናል።

---

ጠንቃቃው

ሁላችሁም ስለ ማገዱ ዝም ማለታችሁ ገርሞኛል። ስም እና የሂሳብ ቁጥር ብቻ ጠይቃ ነው ያገደችው። ማንነት ሳይረጋገጥ? እኔ የማውቀው ሰው በገዛ ወንድሙ ሂሳቡ ታግዶበት ደሞዝ ቀን ተቸግሯል።

---

ሌሊት_ሺፍት

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ማገድ እና መክፈት ሁለት የተለያየ በር አላቸው። ለማገድ ትንሽ ማረጋገጫ ይበቃል፣ ለመክፈት ግን ሙሉውን እንጠይቃለን፣ አንዳንዴም በአካል መምጣት አለበት። በስህተት የታገደ ሂሳብ ይከፈታል፣ የወጣ ገንዘብ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ስህተቱ ቀላል በሆነበት በኩል መፍጠን ነው። ወሰኑ ግን የኤጀንቱ አይደለም፣ መመሪያው የፈቀደው ነው። አዲሷ፣ የናንተ መመሪያ ለማገድ የሚጠይቀውን በቃል ያዢው። ወረፋ ሲሞላ ገጽ እየፈለጉ አይሆንም።

የወንድሙን ነገር በተመለከተ ግን መፍትሔ የለኝም። ሰውን ለመጉዳት ብሎ የሚያሳግድ አለ፣ ማወቂያውም ከባድ ነው።

---

ጠንቃቃው

ያ ማለት ለአንዱ ደህንነት ሌላው ይንገላታል ማለት ነው። አልተዋጠልኝም።

---

ሠንጠረዥ_አውጪ

ወደ አዲሷ ጥያቄ እንመለስ፣ ማስታወሻው። አንድ መስመር ይበቃል፣ መስመሯ ትክክለኛዋ ከሆነች። ቀጣዩ ኤጀንት ደንበኛውን ሳይጠይቅ ከዚህ ሊቀጥል ይችላል ወይ? መለኪያው እሱ ነው። የሴትዮዋን ብጽፍ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ስልክ ጠፍቷል፣ ሂሳብ ታግዷል፣ 2 ያልተሳኩ ሙከራዎች አሉ፣ አዲስ ሲም ሲያወጡ በሙሉ ማረጋገጫ ይከፈት፣ እስከዚያ በጎረቤት ቁጥር ይገኛሉ።» ይህን ለመጻፍ 30 ሴኮንድ ይበቃል። «ደንበኛዋ ደውለው ስልካቸው እንደጠፋ በትህትና ገለጹ» እያሉ መጀመር ነው ደቂቃ የሚበላው።

አንድ የምጠላው ነገር ግን አለ። «ወረፋው ሲቀል እጽፈዋለሁ» ብሎ ባዶ መተው። ከሦስት ጥሪ በኋላ የማን ጉዳይ የማን እንደነበር ይምታታል።

---

ፍጥነት_ነው_ሁሉም

እኔ ጥሪው እየሄደ ነው የምጽፈው። ስልኩ ሲዘጋ ማስታወሻውም አልቋል። ይህን እንኳን ስጡኝ።

---

ሌሊት_ሺፍት

ይህንንስ እንሰጥሃለን። ግን ጸጥ ያለ ኪቦርድ ይኑርህ፣ ኪቦርድ የሚሰማ ደንበኛ የማታዳምጠው ይመስለዋል። እኔ «እየጻፍኩ ነው» ብዬ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

---

ጥራት_አድማጭ

የተቀዱ ጥሪዎችን እየሰማሁ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ማለትም ሁላችሁም የማትወዱት ሰው። ከላይ የተጻፈውን አብዛኛውን እስማማበታለሁ። ግን ፎርሜ ላይ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። «ሙሉ ማስታወሻ ተጽፏል?» የሚል ሳጥን ነው ያለኝ፣ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ሠንጠረዥ አውጪ የጻፋት መስመር በጣም ጥሩ ናት፣ ሆኖም የጥሪው ምክንያት በተመደበው ኮድ ስላልተጻፈ ነጥብ እቀንስባታለሁ። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ካልተባለም እንዲሁ። አዲሷ፣ የዚያን ቀን ጥሪዎችሽ ለነጥብ ከመመረጣቸው በፊት ሱፐርቫይዘርሽ የሲስተም ችግር እንደነበረ በጽሑፍ ያሳውቅ። አንዳንድ አድማጭ ያንን ሲያይ ይተዋል።

---

አዲሷ_ኤጀንት

አንዳንዱ ብቻ?

---

ጥራት_አድማጭ

እኔ እተዋለሁ። አጠገቤ ያለው አይተውም።